ወገብ መሞከር፣ በዲግሪ ሲለካ

እህቴ ቤት ያለው ሽንት ቤት ነጭ ነው፤ ያበራል። አንድ ቀን ጠዋት ልታጸዳ ስትገባ መቀመጫው ጠርዝ ላይ ሁለት የሸበጥ ዱካ አገኘች። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ፣ ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ሽንት ቤት ባለው ግቢ ነው። ወደ እህቴ ቤት ከገቡ ገና ወር አልሞላቸውም። እኔ ነርስ ስለሆንኩ ቤተሰባችን ውስጥ የሆድ ጉዳይ ሁሉ ወደ እኔ ይመራል። ሄጄ አነጋገርኳቸው።

«አባባ፣ ከላዩ ላይ ቢወድቁስ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉኝ። «ተቀምጬ እምቢ አለኝ። ግማሽ ሰዓት እንደ እንግዳ ተጎልቼ እቆያለሁ፤ ምንም የለም። ቁጢጥ ስል ግን ወዲያው።»

የድሮ ሰው «ወገቤን ልሞክር» ብሎ ነው ወደ ጓሮ የሚሄደው። አባባም እንደዚያው ይላሉ። አባባሉ ለጨዋነት የመጣ ነው፤ ስሙን ላለመጥራት። ግን ሳያስበው ትክክለኛውን ቦታ ጠቁሟል። የነገሩ ቁልፍ ወገብ አካባቢ፣ ሰውነትና ጭን በሚገናኙበት ላይ ነው።

ከውስጥ እንጀምር። ሰገራ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀመው ትልቁ አንጀት መጨረሻ ላይ ነው። ይህን ክፍል ደንዳኔ እንበለው። ከደንዳኔ በታች ፊንጢጣ አለ፤ አጭር መውጫ ቱቦ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱ ቀጥ ብለው እንደ ቧንቧ የተቀጠሉ ይመስለዋል። አይደሉም። መገናኛቸው ላይ እጥፋት አለ። ቆመን ስንሄድ፣ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ፣ እጥፋቱ ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል። እንደ ክርን የታጠፈ ነው ማለት ነው።

ያጠፈው ደግሞ አንድ ጡንቻ ነው። ጅማ ቡና ለቅሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ረጅም የቡና ዛፍ አለ እንበል፤ ጫፉ አይደረስበትም። ገመድ በግንዱ ጀርባ ታዞራለህ፣ ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጅህ ይዘህ ወደ ራስህ ትስባለህ። ግንዱ ገመዱ ያረፈበት ላይ ወደ አንተ ይጎብጣል። ይህም ጡንቻ እንደዚያ ነው። ሁለት ጫፉ ከፊት፣ ከብልት በላይ ባለው አጥንት ጀርባ ታስሯል። መሐሉ ዞሮ የደንዳኔና የፊንጢጣን መገናኛ ከኋላ አቅፎ ይይዛል። ሲኮማተር መገናኛውን ወደ ፊት ይስበዋል፤ እጥፋቱ ይጠብቃል። ሲላላ ገመዱ ይረግባል፤ መንገዱ ይቃናል።

ቀኑን ሙሉ ሳናፍር የምንውለው በእሱ ነው። ታክሲ ውስጥ ሆነን ድንገት ሲመጣብን «ያዝ» የምንለው ጡንቻ አንዱ እሱ ነው። ሽንት ቤት ስንገባ ግን የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው። ገመዱ ይረግብ ዘንድ።

ታዲያ ጭን እዚህ ውስጥ ምን አገባው? ቁጢጥ ስንል ጭን ወደ ሆድ ይጠጋል፤ የዳሌ አጥንት ወደ ኋላ ይንከባለላል፤ የታችኛው ጀርባ ይጎብጣል። በዚህ ቅርጽ ላይ ጡንቻው ይበልጥ ይላላል፣ መገናኛውም ይቃናል። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሁለት ማዕዘን አለ። አንዱ ከውስጥ ነው፤ ደንዳኔና ፊንጢጣ የሚሠሩት። አንዱ ከውጭ ነው፤ ጭንና ደረት የሚሠሩት። እኛ መነካካት የምንችለው የውጭውን ብቻ ነው። የውስጡ ግን ምን ያህል ይከተለዋል? ሙግቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በ2010 (በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የምጠቅሳቸው ሁሉ እንደዚያው) የጃፓን ሐኪሞች ይህን ለማየት ስድስት ጤነኛ ሰዎችን በተንቀሳቃሽ ራጅ አዩ። ሰዎቹ በሚያስወጡበት ቅጽበት የውስጡን ማዕዘን ለኩ። ወንበር ላይ እንደተለመደው ሲቀመጡ 100 ዲግሪ ገደማ ሆነ። ቁጢጥ ሲሉ 126። የአባባ «ወዲያው» እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። እጥፋቱ 26 ዲግሪ ከተቃና መንገዱ ሌላ መንገድ ነው፤ ማማጡም ይቀንሳል።

ከዚያ በፊት፣ በ2003፣ እስራኤል ውስጥ በ28 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ ሰዓት ነው የያዘው። ቁጢጥ ብለው በአማካይ 51 ሰከንድ ፈጀባቸው። መደበኛ ከፍታ ባለው መቀመጫ ላይ 130 ሰከንድ። ሰዎቹ ሰዓቱን የያዙት ራሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ በሰከንዷ አልምልም። ልዩነቱ ግን ትንሽ አይደለም።

እስካሁን ያለው አባባን ደግፎ የሚናገር ነው። አሁን ደግሞ ተቀምጠው ሳለ ቁጢጥን ለመምሰል ከእግር ሥር ወደሚደረገው በርጩማ እንምጣ። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠው ፕላስቲክ በርጩማ ሁሉ ሥዕል አለው፤ እግር መሬት ላይ ሲሆን የታጠፈ ቱቦ፣ እግር በርጩማ ላይ ሲወጣ ቀጥ ያለ ቱቦ። ሥዕሉ ያምራል። እውነቱ ግን ትንሽ ይወሳሰባል።

ቴፕ ሜትር አመጣሁና አባባን ለካኋቸው። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከወለል 41 ሳንቲ ሜትር ነው። የአባባ ጭን ከዳሌ መገጣጠሚያ እስከ ጉልበት 42። ወገባቸውን አቅንተው ሲቀመጡ ጭናቸው አግድም፣ ደረታቸው ቀጥ ያለ ነው፤ የውጭው ማዕዘን 90። አሁን 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ነገር ከእግራቸው ሥር ብናደርግ ጉልበታቸው ቢበዛ በ20 ይነሳል። 42 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጭን ጫፉ በ20 ሲነሳ የሚያዘነብለው ወደ 28 ዲግሪ ነው። 90 ሲቀነስ 28፣ 62።

ይህን ቁጥር ያዙልኝ። የጃፓኖቹ ሐኪሞች ሦስተኛ አቀማመጥም ሞክረው ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጦ ጭንን ማንሳት፣ የውጭው ማዕዘን 60 እስኪሆን። በርጩማ እንዳደረጉ ማለት ነው፤ የእኔ 62 ለዚያ የቀረበ ነው። የውስጡ ማዕዘን ስንት ሆነ? 99። ዝም ብሎ ከመቀመጥ በምንም አልተለየም።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ገርሞኛል። ስድስት ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ጤነኞች ነበሩ። ግን ቢያንስ አንድ ነገር ይነግረናል። ጉልበትን ማንሳት ብቻውን ቁጢጥ ማለት አይደለም። እግር ተነስቶ ጀርባ እንደ ወታደር ከቀና ግማሽ መንገድ ላይ ነው የቆምነው።

ቀሪው ግማሽ ደረት ነው። በ2016 አሜሪካ ውስጥ 22 ሰዎች በራጅ ታዩ። እነዚህ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ማስወጣት ያቃታቸው ናቸው። ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ክርናቸውን ወደ ጉልበታቸው እንዲያወርዱ ሲደረግ የውስጡ ማዕዘን ከ113 ወደ 134 ሰፋ። በርጩማ አልነበረም። ሥራውን የሠራው ማጎንበሱ ነው።

ሁለቱን አጋጥሙት። በርጩማው ከ90 ወደ 62 ያወርዳል። ደረት ወደ ፊት 30 ዲግሪ ቢያዘነብል ወደ 32 ይወርዳል። አሁን ጭን ከሆድ ጋር ተጠጋጋ፣ ጀርባም ጎበጠ። ይህ ለቁጢጥ የቀረበ ነው። ስለዚህ በርጩማ ገዝተው «ምንም አልሠራልኝም» የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ጀርባህን ምን አደረግከው?

በ2019 በአሜሪካ ኦሃዮ የወጣ ሌላ ጥናት አለ። 52 ሰዎች በየቤታቸው ለአራት ሳምንት የሽንት ቤት ማስታወሻ ያዙ፤ ግማሹን ጊዜ ያለ በርጩማ፣ ግማሹን በበርጩማ። ከመቶ 71ዱ ፈጥኖልኛል አሉ፤ 90ው ማማጥ ቀነሰልኝ አሉ። ጥሩ ውጤት ነው። ግን ሰዎቹ በርጩማ እየሞከሩ እንደሆነ ያውቃሉ፤ የተለካውም የራሳቸው ስሜት ነው እንጂ ማዕዘን አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ እግሩ ከፍ ያለ ሰው ሳያስበው ጎንበስ ይላል። በርጩማው የሚረዳው አንድም በዚህ ነው።

ሒሳቡ አለቀ ብዬ በኩራት ወደ ገበያ ወጣሁ። ጅማ ነን፤ በርጩማ ጠፍቶ አያውቅም። ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የወጣ፣ ሦስት እግር ያለው፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ውብ በርጩማ ገዛሁ። ከፍታው በትክክል 20። ቤት ወስጄ ከሽንት ቤቱ ፊት አኖርኩት።

በማግስቱ እህቴ ደወለች። አባባ ሊወድቁ ነበር።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የጅማ በርጩማ ለቂጥ የተሠራ ነው፤ ክብደቱ መሐል ላይ እንዲያርፍ። ሦስት እግር ጎርበጥባጣ መሬት ላይ ስለማይንገዳገድ ለቡና መቀመጫ ተወዳዳሪ የለውም። ነገር ግን ክብደት ከሦስቱ እግሮች መሐል ወጥቶ ጠርዝ ላይ ካረፈ ይገለበጣል። አባባ ደግሞ መጀመሪያ ያሳረፉት አንድ እግራቸውን ነው፤ ጠርዝ ላይ። በዚያ ላይ ወለሉ ርጥብ ነበር። ለመታጠቢያ ውሃ በጆግ ይዘው ነው የሚገቡት፤ ሴራሚክ ደግሞ ሲረጥብ ሳሙና ነው።

በርጩማው ወደ ሳሎን ተመለሰ። አሁን ቡና የምታፈላው እህቴ ትቀመጥበታለች።

ሰፈራችን ያለ አናጺ ጋ ሄድኩ። ሽንት ቤት ሲቀመጡ እግር የሚያርፍበት ሳጥን እንደምፈልግ ስነግረው ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ከእኔ የተሻለ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ሰውዬው ሲነሳ የት ነው የሚረግጠው?» እውነቱን ነው። ሳጥኑ ከፊት ከተደነቀረ ለመነሳት እንቅፋት ይሆናል። የሠራልን እንዲህ ነው። ከፍታው 20፣ ስፋቱ 50፣ ከፊት ወደ ኋላ 25 ሳንቲ ሜትር። ከኋላ በኩል መሐሉ ታጥፎ የገባ ነው፤ የሽንት ቤቱን እግር እንዲያቅፍ። ሲጨርሱ በተረከዝ ገፋ ሲያደርጉት ወደ ሥር ይገባል፤ ወለሉ ነጻ ይሆናል። ላዩ ለጥ ያለ ጣውላ ነው፤ ከሥሩ አራት ቦታ የአሮጌ መኪና ጎማ ቁራጭ ተመትቶበታል። ቀለም ተቀብቷል፤ ካልተቀባ ውሃው በአንድ ክረምት ያበሰብሰዋል። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ።

ከፍታው ለምን 20 ሆነ? መደበኛ መቀመጫ ላይ ለአብዛኛው ሰው ከ18 እስከ 23 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። አጭር ሰው ወደ 23 ይጠጋ፣ ረጅም ሰው ወደ 18። ትክክል መሆኑን ለማወቅ ቴፕ ሜትር አያስፈልግም። ጉልበት ከዳሌ በላይ መሆን አለበት፤ ሁለቱም እግር ሙሉ በሙሉ ማረፍ አለበት፤ ቂጥ ከመቀመጫው እየተነሳ መሆን የለበትም። ቂጥህ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ወይም ጣቶችህ ብቻ እየነኩ ከሆነ ከፍታው ወይም ርቀቱ ተሳስቷል። የቢራ ሳጥን የሚጠቀሙ አይቻለሁ፤ ለአብዛኛው ሰው ይረዝማል፤ ጉልበት ደረት ውስጥ ይገባል።

አባባን ያስተማርኳቸው ረጅም አይደለም። ሲመጣ ነው የሚገባው፤ ሳይመጣ ገብቶ መጠበቅ የለም። ጠዋት ከቁርስና ከቡና በኋላ አንጀት በራሱ ይነቃል፤ ያንን ሰዓት አያሳልፉ። እግር ሳጥኑ ላይ፣ ጉልበት ትንሽ ከፈት፣ ክርን ጭን ላይ፣ ደረት ወደ ፊት። ሆድ ይላላ፤ ብዙ ሰው ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ነው የሚያምጠው፤ ተቃራኒው ነው የሚፈለገው። አየር ይዞ ፊትን ማቅላት የለም። ትንፋሽን ቀስ ብሎ ማውጣት፤ ትኩስ ሻይ ላይ እንደሚተነፍሱት። አምስት ደቂቃ አልፎ ምንም ከሌለ ተነስቶ መሄድ ነው። አባባ በሦስተኛው ቀን «እንግዲህ ይሻላል» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

የሸበጥ ዱካው ነገር እንዳይረሳ። ሴራሚክ ሽንት ቤት የተሠራው ተቀምጠውበት ክብደት እንዲከፋፈል ነው እንጂ ጠርዙ ላይ እንዲቆሙበት አይደለም። ሲሰበር እንደ ጠርሙስ ነው የሚሰበረው፤ ስብርባሪው ሥጋን በጥልቀት ይቆርጣል። ቁጢጥ የለመደ ሰው ቤት ሲሠራ ግንበኞች ተርኪሽ የሚሉትን ወለል ላይ የሚገጠም ቢያስገጥም ከማንኛውም በርጩማ ይሻለዋል፤ ጉልበቱ እስከቻለ ድረስ።

ጉልበቱ እስከቻለ ድረስ ያልኩት በምክንያት ነው። ሪህ ወይም የጉልበት ሕመም ያለበት፣ ሲነሳ የሚያዞረው ሰው፣ ተቀምጦ በሳጥን ቢጠቀም ይመረጣል፤ ከጎን የሚይዘው ብረት ካለ ደግሞ የተሻለ። የዳሌ መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ግን ጭኑን ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳያጥፍ ተነግሮት ይሆናል። ለእሱ ይህ ሁሉ ምክር ቀዶ የሠራለትን ሐኪም ሳይጠይቅ አይሠራም።

አሁን የበርጩማው አቅም የሚያበቃበትን ልንገራችሁ። ማዕዘኑ መንገድ ይከፍታል፤ የሚያልፈውን ግን አያለሰልስም። ሰገራው እንደ ፍየል በጠጥ ደርቆ ከሆነ 126 ዲግሪም አይረዳውም። ያ የውሃ፣ የጎመንና የባቄላ ጉዳይ ነው። ከሰዓት ጀምሮ ጫት ይዞ የሚቀመጥ፣ ምግብ የማይቀምስ ሰው «ሆዴ ደረቀ» ብሎ ሲመጣ ስለ በርጩማ አላወራም፤ ጫት ራሱ ሆድ ያደርቃል።

ሁለተኛው ይበልጥ ስውር ነው። ገመዱ መርገብ ሲገባው የሚጠብቅባቸው ሰዎች አሉ። ሲያምጡ ጡንቻው በስህተት ይኮማተራል፤ እየገፉ በሩን ይዘጋሉ። ምልክቱ ይታወቃል። ሰገራው ለስላሳ ነው፤ ግን አይወጣም። ደጃፍ ላይ የቆመ ነገር ያለ ይመስላል። ከወጣም በኋላ «አልጨረስኩም» የሚል ስሜት ይቀራል። አንዳንዱ በጣት ለመርዳት ይገደዳል፤ ያፍራል፤ ለማንም አይናገርም። ለዚህ በርጩማ ትንሽ ያግዝ ይሆናል፤ መድኃኒቱ ግን ጡንቻውን እንዲላላ ማሰልጠን ነው። የሚያሰለጥኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ለሐኪም መንገር ያለበት ነገር ነው።

«ቁጢጥ የሚል ሰው ኪንታሮት አይዘውም» የሚለውንም ተዉት። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ እኛ አገር ኪንታሮት ባልታወቀ። ጓሮ ቁጢጥ ብለው ያደጉ ስንቱን አይቻለሁ። ኪንታሮትን የሚያብሰው ረጅም ማማጥና ረጅም መጎለት ነው፤ ስልክ ይዞ የሚገባ ሰው በርጩማ ቢኖረውም እዚያው ነው። ደግሞ ደም ካየህ፣ ሳትፈልግ ከከሳህ፣ ወይም በጎልማሳነትህ የሆድህ ልማድ ድንገት ከተለወጠ አቀማመጥ አትቀያይር፤ ተመርመር።

አባባ ሳጥናቸውን ወደውታል። ችግሩ የእህቴ ትንሿ ልጅም ወዳዋለች። እሷ አራት ዓመቷ ነው፤ ትልቁ መቀመጫ ላይ ስትወጣ እግሯ አየር ላይ ይንጠለጠላል። እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ እንዳይወድቅ ሰውነቱን ሁሉ አጥብቆ ይይዛል፤ ያን የውስጡን ገመድ ጨምሮ። ስለዚህ ከአባባ ይልቅ ለእሷ ነው ያስፈለገው። ሳጥኑን እየጎተተች ወደ እጅ መታጠቢያው ትወስደዋለች፤ አባባ ጠዋት ገብተው ያጡታል፤ «ሳጥኔን የወሰደው ማነው?» እያሉ ከውስጥ ይጣራሉ።

አናጺው ጋ ሁለተኛ አዝዣለሁ። ለእሷ 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን ብዬዋለሁ፤ ጭኗ አጭር ነው፣ እግሯም ሩቅ ነው ከወለሉ። ከላይም የልጅ መቀመጫ ይገጠምበታል፤ አለበለዚያ ቂጧ ይሰምጣል።